ዴታ ሰፊሸንሲ፦ መፍታቱን የት ላቁም?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ሒሳብ አይከብደኝም። ለኤምቢኤ ብዬ ጂማት ለሚባለው የመግቢያ ፈተና እያጠናሁ ነው። የተሰጠው መረጃ ለመልስ ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚለው ዴታ ሰፊሸንሲ ላይ ግን ከሁለት አንዱን እስታለሁ። አብሮኝ የሚያጠናው ልጅ በሒሳብ ከእኔ ያንሳል፤ እዚህ ላይ ግን ይበልጠኛል። ሙሉ በሙሉ ልፍታው ስል ሰዓት ያልቅብኛል። ሳልፈታ ልለፍ ስል ደግሞ እሳሳታለሁ። የት ድረስ ሄጄ ነው ማቆም ያለብኝ?»

መልስ፦

ልጁ ለምን እንደሚበልጥሽ መገመት አያቅተኝም። እሱ መፍታት ስለሚከብደው ሳይፈታ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። አንቺ ግን x ስታዪ እጅሽን ይበላሻል። ስንት እንደሆነ ሳታውቂ ማለፍ አይሆንልሽም። ኢንጂነሮችን ሳስተምር ሁሌ የማየው ነገር ነው።

መልሱ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ወይም ከአንድ በላይ ሊሆን እንደሚችል ባወቅሽበት ቅጽበት አቁሚ። ያ መልስ 5 ይሁን 500 የሚጠይቅሽ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ፈተናው የሚሰጥሽ ሁለቱም መረጃዎች እውነት ናቸው፤ እርስ በርስም አይጋጩም። ስለዚህ መረጃውን የሚያሟላ ቢያንስ አንድ መልስ ለመኖሩ ጥያቄውን ያወጣው ሰው ራሱ ዋስ ሆኖልሻል። አንቺ የምትጠይቂው «ሌላስ አለ?» ብለሽ ብቻ ነው። ለሁለተኛ መልስ ቦታ ካለ መረጃው አይበቃም። ቦታ ከሌለ ይበቃል። አለቀ።

ጥያቄውን አይተውት ለማያውቁ አንባቢዎች አወቃቀሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። አንድ ጥያቄ አለ፤ ከሥሩ (1) እና (2) የሚባሉ ሁለት መረጃዎች አሉ። ምርጫዎቹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። A ማለት (1) ብቻውን ይበቃል፣ (2) ግን ብቻውን አይበቃም ነው። B የዚህ ግልባጭ ነው። C ለየብቻ አይበቁም፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ይበቃሉ። D እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይበቃሉ። E ደግሞ አንድ ላይም ሆነው አይበቁም። አንቺ ይህን በቃልሽ ሳታውቂው አትቀሪም። ካላወቅሽው ዛሬ ማታ ሸምድጂው፤ በፈተና ሰዓት ምርጫውን እያነበቡ መቀመጥ ኪሳራ ነው።

አሁን አንዲት ጥያቄ እንያዝና ቀስ ብለን እንገንጥላት።

አልማዝ ከአንድ ሱቅ እስክሪብቶና ደብተር ገዛች። አንዱ እስክሪብቶ 17 ብር ነው፣ አንዱ ደብተር 43 ብር። ስንት ደብተር ገዛች?

(1) በጠቅላላው የከፈለችው 343 ብር ነው።

(2) እስክሪብቶና ደብተሩ ሲደመር 11 ነው።

አንቺ እንዴት እንደምትሄጂበት ልንገርሽ። የእስክሪብቶውን ብዛት x፣ የደብተሩን y ትይዋለሽ። ከ(1) ይህን ታወጫለሽ፦

```
17x + 43y = 343
```

«ሁለት ያልታወቀ ነገር፣ አንድ የሒሳብ ዓረፍተ ነገር፤ አይበቃም» ትያለሽ። ከ(2) x + y = 11 ታገኛለሽ፤ እሱም ብቻውን አይበቃም። አንድ ላይ ሲሆኑ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለሁለት ያልታወቀ፤ ይፈታል። እንዳውም ስትፈቺው 5 እስክሪብቶና 6 ደብተር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ደስ ብሎሽ C ትመርጫለሽ። መልሱ ግን A ነው።

እኔ ራሴ ስጀምር እንዲህ ባለች ጥያቄ ላይ አራት ደቂቃ አጥፍቼ፣ ቁጥሩን በትክክል አግኝቼ፣ C መርጬ ተሳስቻለሁ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ነጥቡ ግን ዜሮ። ያናድዳል።

የሆነው እንዲህ ነው። ግማሽ ደብተር የሚሸጥ ሱቅ የለም። x እና y ሙሉ ቁጥር መሆን አለባቸው፤ ከዜሮ በታችም አይወርዱም። ይህን ጥያቄው በአፉ አይነግርሽም፤ «ደብተር» በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቆ ነው የሚመጣው። የኢንጂነሪንግ ትምህርት «ያልታወቀው ስንት ነው? ዓረፍተ ነገሩስ ስንት ነው?» ብሎ መቁጠር አስለምዶሻል። ያ ቆጠራ ግን የሚሠራው ማንኛውም ቁጥር፣ ክፍልፋይም ቢሆን፣ መልስ መሆን በሚችልበት ቦታ ነው።

ታዲያ (1) ብቻውን እንደሚበቃ ሳትፈቺ እንዴት ታውቂያለሽ? እንዲህ አስቢው። አልማዝ አንድ ዓይነት ግዢ ገዝታለች፤ ምን እንደሆነ አናውቅም፣ ግን አለ። አሁን ያንኑ 343 ብር ከፍላ ሌላ ዓይነት ግዢ መግዛት ትችላለች ወይ? ለዚያ የተወሰኑ እስክሪብቶዎችን መልሳ፣ በልኩ ደብተር መውሰድ አለባት፤ ወይም ደብተር መልሳ እስክሪብቶ መውሰድ። ሳንቲም ሳይተርፍ፣ ሳይጎድልም። 17 እና 43 የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ልክ ለልክ የሚሆነው ትንሹ ልውውጥ 43 እስክሪብቶ በ17 ደብተር ነው። የዚያ ዋጋ 731 ብር ነው። አልማዝ ያወጣችው 343 ብር ብቻ ነው። የምትለዋወጥበት ዕቃ እጇ ላይ የለም። ሁለተኛ ግዢ የለም ማለት ነው። (1) ይበቃል። ስድስት ደብተር መሆኑን ሳናውቅ ጨረስን።

(2) ብቻውን 11 ዕቃ ነው የሚለው፤ 1 እና 10፣ 2 እና 9 እያለ ይሄዳል። አይበቃም። ስለዚህ A።

አሁን ዋጋውን ብቻ ልቀይረው። እስክሪብቶ 15 ብር፣ ደብተር 40 ብር ይሁን። ጠቅላላ ክፍያው 315 ብር፣ ዕቃው እንደገና 11። ትንሹ ልውውጥ ስንት ሆነ? 15 እና 40 ሁለቱም በ5 ይካፈላሉ። 8 እስክሪብቶ 120 ብር ነው፣ 3 ደብተርም 120 ብር ነው። 120 ከ315 በጣም ያንሳል። አሁን መጠርጠር አለብሽ። በእርግጥም 5 እስክሪብቶና 6 ደብተር 315 ብር ይሆናል። ከስድስቱ ደብተር ሦስቱን መልሳ 8 እስክሪብቶ ብትወስድ 13 እስክሪብቶና 3 ደብተር ይሆናል፤ ያው 315። ሁለት የተለያየ መልስ ወጣ፤ (1) አይበቃም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ድምሩ 11 የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። መልሱ C ሆነ።

አየሽ፣ አንድም ቃል አልተቀየረም። የተቀየረው ዋጋው ብቻ ነው። መልሱ ግን ከA ወደ C ሄደ። ስለዚህ «እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ይሄ ነው» ብሎ መሸምደድ አያዋጣም። ልውውጡ ትልቅ ሲሆን ግን መገላገያ ነው፤ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ሁለተኛውን መልስ የት እንደምትፈልጊ ይጠቁምሻል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ትንሹ ልውውጥ ከጠቅላላ ክፍያው ካነሰ «አይበቃም» ብለሽ አትቸኩዪ። ልውውጡ የሚቻለው በእጇ ያለው ዕቃ ከበቃ ነው። ለምሳሌ በዚሁ ዋጋ 170 ብር ከፍላ ቢሆንስ? 120 ከ170 ያንሳል። ግን 170 ብር የሚሆነው 6 እስክሪብቶና 2 ደብተር ብቻ ነው። 8 እስክሪብቶ የላትም፣ 3 ደብተርም የላትም፤ የምትመልሰው የለም። እንዲህ ሲሆን ወርደሽ መቁጠር አለብሽ፤ ከዜሮ እስከ አራት ደብተር እየሞከርሽ። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም።

ሦስተኛ ለውጥ እናድርግ። ወደ መጀመሪያው ዋጋ እንመለስና እስክሪብቶውን በቲማቲም፣ ደብተሩን በሽንኩርት እንተካ፤ በኪሎ 17 እና 43 ብር። (በዛሬ ገበያ ቲማቲም በ17 ብር የሚሸጥ ካለ አድራሻውን ላኩልኝ።) ጥያቄው «ስንት ኪሎ ሽንኩርት ገዛች?» ነው። አሁን ግማሽ ኪሎ ይቻላል፣ ሩብ ይቻላል። ሚዛኑ እስከፈቀደ ሁሉም ይቻላል። 343 ብር ብቻውን አይበቃም፤ «በጠቅላላው 11 ኪሎ ነው» የሚለው ሲጨመር ይበቃል። ቁጥሮቹ ያው የመጀመሪያዎቹ፣ መልሱ ግን C።

ስለዚህ ዋናውን ጥያቄ አንብበሽ ወደ (1) ከመውረድሽ በፊት እዚያው ቆም በይና አንድ ነገር ጻፊ፦ የምፈልገው ነገር ምን ዓይነት ቁጥር ነው? ሙሉ ነው? ከዜሮ በላይ ነው? ወይስ ምንም አልተባለም? ምንም ካልተባለ ደግሞ በእርግጥ ምንም አልተባለም። ኔጌቲቭም ዜሮም ክፍልፋይም ይግባ። ተማሪዎች የሚሳሳቱት በሁለቱም በኩል ነው። ደብተር ሲባል ገደቡን ይረሱታል፤ x ብቻ ሲባል ደግሞ ያልተባለ ገደብ ከኪሳቸው ይጨምራሉ።

ለሁለተኛው ዓይነት ስህተት አንዲት አጭር ምሳሌ ትበቃለች። x ስንት ነው?

(1) x² = 5x

(2) x ዜሮ አይደለም።

እጅሽ ወዲያው ሁለቱን ጎን በx ያካፍላል፤ x = 5፤ A ብለሽ ታልፊያለሽ። በx ስታካፍዪ ግን «x ዜሮ አይደለም» ብለሽ ሳታውቂው ማልሻል። ያንን የሚነግርሽ (2) ነው፣ (1) አይደለም። በ(1) ብቻ x ወይ 0 ነው ወይ 5። መልሱ C ነው። (2) እንደ ቀልድ የተቀመጠ ሊመስል ይችላል፤ ግን ጥያቄው የቆመው በእሱ ላይ ነው። እንዲህ ቀጭን የሆነ፣ ምንም የማይናገር የሚመስል መረጃ ካየሽ ጠርጥሪ። ማንም ያለ ምክንያት አላስቀመጠውም።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ በሽታ አለ፤ የ(1)ን ወሬ ይዞ ወደ (2) መግባት። x ስንት ነው? (1) x ከዜሮ ያነሰ ነው። (2) x² = 16። (2)ን ስታነቢ «x ኔጌቲቭ ነው» የሚለው ገና ጆሮሽ ላይ አለ። ስለዚህ −4 ትያለሽ፤ B ትመርጫለሽ። (2) ብቻውን ግን 4ም −4ም ይሰጣል። መልሱ C ነው። ቀላል ትመስላለች፤ ድካም ሲመጣ ግን ሁሉም ይወድቅባታል። የእኔ መድኃኒት የልጅ ጨዋታ ነው፦ (2)ን ሳነብ (1)ን በእጄ እሸፍነዋለሁ። ስክሪን ላይም ቢሆን። ሰው ቢያየኝ ይየኝ።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ጥያቄ እንሂድ፤ መልሱ ቁጥር ሳይሆን አዎ ወይም አይደለም የሆነው። አንቺ የምትስቻቸው ግማሾቹ ከዚህ እንደሚመጡ እጠረጥራለሁ።

n ሙሉ ቁጥር ነው። n ፕራይም ነው ወይ? ፕራይም ማለት ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው።

(1) n ከ24 ይበልጣል፣ ከ28 ያንሳል።

(2) n ጎዶሎ ቁጥር ነው።

በ(1) መሠረት n ወይ 25 ነው፣ ወይ 26፣ ወይ 27። 25 በ5 ይካፈላል፣ 26 በ2፣ 27 በ3። አንዳቸውም ፕራይም አይደሉም። እዚህ ላይ ተማሪው «አይደለም» የሚለውን ቃል ያያል፤ ከዚያ እጁ ራሱ «አይበቃም» ላይ ይጫናል። የተጠየቀው ግን n ፕራይም መሆኑን እንድታረጋግጪ አይደለም። መልሱ የማያወላውል መሆኑን እንድታዪ ነው። «በፍጹም አይደለም» የማያወላውል መልስ ነው። (1) ይበቃል። n የትኛው እንደሆነ እንኳ አላወቅንም፤ ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን መልሱ ያው ነው። (2) ደግሞ ለ3 አዎ ይላል፣ ለ9 አይደለም ይላል፤ አይበቃም። መልሱ A።

ለዚህ አንድ ወረቀት ላይ የምትጽፊው ዘዴ አለ። ለአዎ/አይደለም ጥያቄ ከእያንዳንዱ መረጃ ጎን «አዎ ብቻ»፣ «አይደለም ብቻ» ወይም «ሁለቱም» ብለሽ ጻፊ። «ሁለቱም» ያልሽው ብቻ ነው የማይበቃው። «ይበቃል» የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው አትጻፊው። ሁለቱ ጥያቄዎች፣ ማለትም «n ፕራይም ነው?» እና «መረጃው ይበቃል?» የሚሉት፣ ጭንቅላትሽ ውስጥ እንዳይደበላለቁ ያደርግልሻል።

ስለ ራስሽ ጉዳይ ደግሞ፣ ሳትፈቺ ስታልፊ የምትሳሳቺው የት ላይ እንደሆነ መገመት እችላለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ቀጥተኛ ሲሆን ቶሎ ማቆም ችግር የለውም። x እና y ብቻቸውን፣ ያለ ካሬ፣ ከመጡና ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በእርግጥ የተለያዩ ከሆኑ አንድ መልስ አለ፤ አትፍቺው። «በእርግጥ የተለያዩ» ያልኩት ለምክንያት ነው። 2x + 3y = 12 እና 4x + 6y = 24 ሁለት ይመስላሉ፤ አንድ ናቸው። አንዱን በ2 አባዝተሽ ሌላውን ታገኛለሽ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ «ሁለት አለኝ፣ ይበቃል» ብለሽ C ካልሽው መልሱ E ሆኖ ያሾፍብሻል።

ካሬ ከመጣ ግን ትንሽ ወደፊት መሄድ አለብሽ። ያም ቢሆን እስከ መጨረሻው አይደለም። ለምሳሌ በአንድ ግብዣ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ተጠየቅሽ እንበል፤ ከመረጃው ይህ ወጣልሽ፦

```
x² − x − 12 = 0
```

መልሶቹን አትፈልጊ። የመጨረሻውን ቁጥር እዪ፤ −12 ነው። የሁለቱ መልሶች ብዜት −12 ነው ማለት ነው። ብዜቱ ኔጌቲቭ የሚሆነው አንዱ ከዜሮ በላይ፣ ሌላው ከዜሮ በታች ሲሆን ነው። ሰው ደግሞ ከዜሮ በታች አይሆንም። ስለዚህ አንድ ብቻ ቀረ፤ ሙሉ ቁጥር ስለመሆኑም አትጨነቂ፣ ጥያቄ አውጪው ዋስ ነው። ይበቃል። x² − 7x + 12 = 0 ቢሆን ኖሮስ? ብዜቱ 12፣ ድምሩ 7። ሁለቱም ከዜሮ በላይ ናቸው፤ ሦስትና አራት። ሁለቱም የሰው ቁጥር መሆን ይችላሉ። አይበቃም። የመጨረሻው ቁጥር ምልክት ብቻ ብዙ ሥራ ይቆጥብልሻል። ልዩ የሆነው x² − 6x + 9 = 0 ዓይነቱ ነው፤ ሁለቱም መልስ 3 ነው፤ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ይበቃል። የተጣደፈ ሰው «ካሬ አለ፣ ሁለት መልስ አለ» ብሎ የሚወድቅበት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የሚጠየቀው x ወይም y ሳይሆን ሁለቱ ሲደመሩ ነው። «የሁለቱ እህትማማቾች ዕድሜ ድምር ስንት ነው?» ተብሎ 3x + 3y = 84 ከተሰጠሽ ጉዳዩ አልቋል። የእያንዳንዳቸውን ዕድሜ ማወቅ አንችልም፤ የጠየቀን ግን የለም።

ሥራሽን የምትፈትሺበት አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ቅድም ሁለቱ መረጃዎች አይጋጩም ብዬሻለሁ። ስለዚህ (1) ብቻውን 7 ከሰጠሽ፣ (2)ም ብቻውን ይበቃል ካልሽ፣ (2) የሚሰጥሽ መልስ 7 መሆን አለበት። 5 ከሰጠሽ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ፤ ወደ ኋላ ተመለሺ። በአዎ/አይደለም ጥያቄም ያው ነው። አንዱ «ሁልጊዜ አዎ»፣ ሌላው «ሁልጊዜ አይደለም» ሊሉሽ አይችሉም። D ልትመርጪ ስትዪ ይህን በዓይንሽ ፈትሺ። መፍታት የሚያስፈልግሽ ጥቂት ቦታዎች ካሉ አንዱ ይሄ ነው።

C ላይ ደግሞ የምታደርጊው ጥርጣሬ ሌላ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እንደሚበቃ ገና ከሩቁ የሚያስታውቅ ከሆነ፣ እንደ አልማዝ ጥያቄ፣ ተጠንቀቂ። ማንም የሚያየውን C አስቀምጦ ከባድ ጥያቄ ነው የሚል ፈታኝ ብዙ የለም። አንዱ ብቻውን የሚበቃበት መንገድ አለ ወይ ብለሽ አንድ ጊዜ ተመለሺ። በ15 እና በ40 ብር ጥያቄ እንዳየነው ግን ተመልሰሽም C ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬው እንድትፈትሺ ነው እንጂ C እንዳትመርጪ አይደለም።

ስለ ሰዓት ትንሽ ልበልና ላብቃ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በመጣው አዲሱ ጂማት ዴታ ሰፊሸንሲ ከሒሳቡ ክፍል ወጥቶ ዴታ ኢንሳይትስ ወደሚባለው ክፍል ገብቷል። እዚያ 20 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ በአማካይ 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። አብረውት የሚመጡት ሠንጠረዥና ግራፍ ያለባቸው፣ ብዙ ገጽ የሚነበብባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ እነሱ ሰዓት ይበላሉ። ስለዚህ ዴታ ሰፊሸንሲ ላይ ሰዓት መቆጠብ እንጂ መበደር አያዋጣሽም። በዚህ ክፍል ስክሪኑ ላይ ካልኩሌተር አለ። ዴታ ሰፊሸንሲ ላይ እጅሽ ወደ እሱ ከሄደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማቆም ያለብሽን ቦታ አልፈሻል ማለት ነው።

ለልምምድ ይህን አድርጊ። የሳትሻቸውን ጥያቄዎች እንደገና ስትሠሪ መልሱን አትጻፊ። «አይበቃም» ላልሽው መረጃ ሁሉ፣ መረጃውን የሚያሟሉ ግን የተለያየ መልስ የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮችን ጻፊ። ሁለቱን መጻፍ ካቃተሽ «አይበቃም» ማለት አትችዪም። «ይበቃል» ላልሽው ደግሞ ሁለተኛው መልስ ለምን እንደማይኖር አንድ መስመር ጻፊ፤ «ልውውጡ 731 ብር ነው፣ ያላት 343» እንዳልነው። ሃያ ጥያቄ እንዲህ ብትሠሪ የምትስቺው የት ላይ እንደሆነ ወረቀቱ ራሱ ይነግርሻል።

እስቲ ይህችን ሞክሪ። አንድ ካፌ ጠዋት ማኪያቶና ሻይ ብቻ ሸጠ፤ ከሁለቱም ቢያንስ አንድ ሸጧል። ማኪያቶ 35 ብር፣ ሻይ 15 ብር ነው። ስንት ማኪያቶ ሸጠ? (1) ጠቅላላ ሽያጩ 300 ብር ነው። (2) ከማኪያቶ ይልቅ ብዙ ሻይ ሸጧል።

ትንሹ ልውውጥ 3 ማኪያቶ በ7 ሻይ ነው፤ 105 ብር። በ(1) መሠረት 6 ማኪያቶ ከ6 ሻይ ጋር ይሆናል፤ 3 ማኪያቶ ከ13 ሻይ ጋርም ይሆናል። (2) ብቻውን ምንም አይወስንም። አንድ ላይ ሲሆኑ 6 ለ6ቱ ይወድቃል፤ 3 ብቻ ይቀራል። መልሱ C ነው። አሁን «ከሁለቱም ቢያንስ አንድ ሸጧል» የምትለዋን ሐረግ ሰርዣትና እንደገና እዪው። ዜሮ ማኪያቶና 20 ሻይም 300 ብር ነው፤ ሻዩም ይበልጣል። መልሱ E ሆነ።